አንድ ጥያቄ፣ አራት ተቀባይ፦ መልእክትን ሳያደበዝዙ ማለዘብ

ጥያቄ ያለበት መልእክት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናለዝበው የተሳሳተውን ቦታ ነው። ወቀሳውን እንዳለ ትተን ቀኑን እናላላለን። ወይም ትእዛዙን ሳንነካ ከፊትም ከኋላም «እባክህ» እንደረድራለን። ከዚያ ተቀባዩ ወይ ይቀየማል፣ ወይ ደግሞ በመልእክቱ ደስ ብሎት የተጠየቀውን ሳይሠራ ይቀራል። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም እንጂ ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ጉዳት አለው።

ይህ መመሪያ አንድ መልእክት ይዞ ለአራት ዓይነት ሰው እያስተካከለ ይጽፈዋል፦ ለቅርብ ጓደኛ፣ ለአለቃ፣ በእኛ ሥር ላለ ባልደረባ፣ በውለታ ለሚያግዘን ሰው። መነሻው ይህ ነው፦

«ሪፖርቱን እስካሁን አልላክህልኝም። ሐሙስ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። እስከ ረቡዕ ላክልኝ።»

መልእክቱ ግልጽ ነው፣ ስድብም የለበትም። ግን ለአራቱም ሰው እንዲሁ ቢላክ ቢያንስ ሁለቱ ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

1. መጀመሪያ የማይነካውን ለዩ

ማለዘብ ከመጀመራችሁ በፊት መልእክቱ ውስጥ መቆየት ያለበትን ነገር ለብቻው ጻፉት። በእኛ ምሳሌ ሦስት ነገር አለ። የሚፈለገው የሪፖርቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚፈለገው እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሙሉው ሪፖርት ሐሙስ ጠዋት ስለሚረከብ ነው። መነሻው መልእክት «ሪፖርቱን» እና «እስከ ረቡዕ» ብቻ እንዳለ ልብ በሉ። የትኛው ክፍል? ረቡዕ ጠዋት ነው ማታ? ብዙ ጊዜ ጨዋነት ጎደለው የምንለው መልእክት ገና ከመነሻው ያልጠራ ነው። ያልጠራ ነገር ሲለዝብ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። የሚያመነቱ ቃላት አሉ፦ «ምናልባት»፣ «ይመስለኛል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»። እነዚህ የምንናገረውን ነገር እርግጠኛነት ይቀንሳሉ። የሚያለዝቡ ቃላት አሉ፦ «እስቲ»፣ «እባክህ»፣ «ካላስቸገርኩህ»። እነዚህ የጥያቄውን ጫና ይቀንሳሉ እንጂ እውነታውን አይነኩም። ሦስተኛው ራሱ ግሱ ነው፤ «ላክ» ማለትና «ብትልክልኝ» ማለት በጣም ይራራቃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው የሚያመነታው ቃል ቀኑ ላይ ሲያርፍ ነው። «ሐሙስ ጠዋት ማስረከብ ያለብኝ ይመስለኛል» ብሎ የጻፈ ሰው ቀኑን ያውቀዋል። የጻፈው እንዳይጫን ብሎ ነው። አንባቢው ግን የሚረዳው «ቀኑ ገና አልተቆረጠም» ብሎ ነው። «ሲመችህ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ሲመችህ እስከ ረቡዕ ላክልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቀጠሮ አለ፣ እነሱም አይስማሙም። ሰው ከሁለቱ የሚወስደው የሚቀለውን ነው። «ጊዜ ስታገኝ» እና «ከተቻለ»ም ያው ናቸው። የእውነት ቀን የሌለው ጥያቄ ከሆነ ብቻ ጻፏቸው።

የሚያመነቱ ቃላት ትክክለኛ ቦታቸው ትርጓሜው ላይ ነው። የአለቃችሁ ሰነድ ላይ የድምር ስህተት አገኛችሁ እንበል። «ድምሩ የተሳሳተ ይመስለኛል» ከማለት ይልቅ «ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምሩ 480 ይላል፤ እኔ ስደምረው 460 መጣልኝ። ምናልባት ያላየሁት መስመር ይኖር ይሆን?» በሉ። ቁጥሩ ጠንካራ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። «ምናልባት» ያረፈው «ለምን ተለያየ» በሚለው ላይ ነው። ያንን ደግሞ በእርግጥም አታውቁትም። ስለዚህ ማመንታቱ ጨዋነትም ሐቅም ነው።

2. ግንኙነቱን መዝኑ

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከሁለታችን በሥልጣን ወይም በዕድሜ ማን ይበልጣል? ምን ያህል እንቀራረባለን? የምጠይቀው ነገር ምን ያህል ይከብደዋል? እነዚህን ሦስት መለኪያዎች ፔኔሎፒ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አንድ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ሐሳባቸው በአጭሩ፣ የጥያቄው ጫና የሦስቱ ድምር ነው፣ ጫናው በጨመረ ቁጥር የበለጠ ጥንቃቄ ይመረጣል የሚል ነው።

ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳይማር ያውቃቸዋል። የሚረሳው ሦስተኛው ነው። አለቃ ሁሌም አንድ ዓይነት መልእክት የሚጻፍለት ይመስለናል። ነገር ግን ለአንድ አለቃ «ፊርማዎ ቀርቷል» ማለትና «ቅዳሜን ሰጥተው 40 ገጽ ያንብቡልኝ» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራው ነው፣ አጭርና ቀጥተኛ ቢሆን ደስ ይለዋል። ሁለተኛው የራሱን ጊዜ መውሰድ ነው።

ስለዚህ አንድ ንዑስ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ነገር ግዴታው ነው ወይስ ውለታ? ግዴታው የሆነን ነገር እንደ ውለታ ከለመናችሁት እምቢ የማለት መብት እንዳለው እየነገራችሁት ነው። ውለታን እንደ ግዴታ ከጠየቃችሁት ደግሞ ሁለተኛ አያግዛችሁም።

3. ግሱን ምረጡ

አማርኛ አብዛኛውን የጨዋነት ሥራ የሚሠራው ግሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት ቃል ከመጨመራችሁ በፊት ግሱን ለውጡ። «ላክ» ከሚለው ተነስተን እንውጣ።

«ላክ» ባዶ ትእዛዝ ነው። «ላክልኝ» ስንል «ልኝ» ብቻዋን ብዙ ታለዝባለች፤ ድርጊቱ ለእኔ የሚደረግ መልካም ነገር ይሆናል። ብዙ የሥራ መልእክቶች ይቺን ብቻ ቢጨምሩ ይበቃቸዋል። «ትልክልኛለህ?» ወደ ጥያቄ ይቀይረዋል፣ መልስ ይፈልጋል። «ልትልክልኝ ትችላለህ?» መቻሉን ይጠይቃል፣ እምቢ ለማለት ቀዳዳ ይተዋል። «ብትልክልኝ ጥሩ ነው» ድርጊቱን ወደ ሐሳብ ይወስደዋል። «ብትልክልኝ ብዬ ነበር» የመጨረሻው ለስላሳ ነው። «ነበር» ጥያቄውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ተቀባዩ እምቢ ቢል እንኳ ያፈረሰው ነገር ያለ አይመስልም።

ከዚህ መሰላል ውጪ ያሉ ሁለት ግሦች አሉ፣ ሁለቱም ያሳስታሉ። አንደኛው «ይላክልኝ» ነው። ሰውዬውን ስለማይጠራ የለዘበ ይመስላል። ሲነበብ ግን ከበላይ አካል የወጣ ደብዳቤ ነው። ለጓደኛ ከተላከ ይቀዘቅዛል፣ ለአለቃ ከተላከ ደግሞ ድፍረት ነው። በደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲሆን «እንዲላክልን እንጠይቃለን» ቦታው ነው፤ በሰው መካከል ግን አይሆንም። ሁለተኛው «ይጠበቅብሃል» ነው። «አለብህ» ቢያንስ ተናጋሪው እንዳለ ያሳያል። «ይጠበቅብሃል» ግን ማን እንደሚጠብቅ ሳይናገር ዕዳውን ሰውዬው ላይ ይጥላል። ብዙ ሰው መደበኛ ቋንቋ ነው ብሎ ይጽፈዋል፣ አንባቢው ማስጠንቀቂያ አድርጎ ይወስደዋል።

ከመሰላሉ በላይ ደግሞ ፍንጭ አለ። «እንግዲህ ሐሙስ ደረሰ…» ብሎ መተው። በጣም የተዘዋወረ ስለሆነ በጣም ጨዋ የሆነ ይመስላል። የቋንቋ አጥኚዋ ሾሻና ብሉም-ኩልካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ጥናት የዕብራይስጥና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ጠይቃ፣ ሰዎች በጣም ጨዋ ብለው የመረጡት ፍንጭን ሳይሆን እንደ «ልትልክልኝ ትችላለህ?» ያለውን የተለመደ ተዘዋዋሪ ጥያቄ እንደሆነ አሳይታለች። ፍንጭ አንባቢውን ሥራ ያስይዘዋል። ምን እንደተፈለገ ራሱ መፈለግ አለበት፤ ካላገኘውም ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። በአማርኛም ይኸው ይታያል፤ በጽሑፍ የተላከ ፍንጭ ብዙ ጊዜ እንደ አሽሙር ይነበባል።

4. ወቀሳውን ከሰውዬው ላይ አንሱ

«አልላክህልኝም» እና «አልደረሰኝም» አንድ እውነታ ናቸው። የመጀመሪያው ባለቤት «አንተ» ነህ፣ የሁለተኛው ባለቤት ሪፖርቱ ነው። መልእክት ስታስተካክሉ በመጀመሪያ የምትፈልጉት «አንተ» ጥፋት የሠራባቸውን ግሦች ነው። ካገኛችኋቸው ባለቤቱን ወደ ነገሩ አዙሩት።

እዚህ ላይ ከዓይን የምታመልጥ አንዲት ቅጥያ አለች። «ሪፖርቱ ዘገየ» የሚለው ወሬ ነው። «ሪፖርቱ ዘገየብኝ» ሲሆን ግን እኔ የተጎዳሁ ሰው ሆንኩ። ስም ሳይጠራ ክስ ሆነ። «አዘገየኸው» በግልጽ ይወቅሳል፣ «አዘገየህብኝ» ደግሞ ወቀሳውም ጉዳቱም አንድ ላይ ነው። ለቅርብ ሰው «ዘገየብኝ» ማለት ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ችግርን ማካፈል ነው። ለአለቃ ወይም ለማናውቀው ሰው ግን «ብኝ» ያለበትን ግስ ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ ማውጣት ይሻላል።

ሰበብ ማቀበልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ምናልባት ረስተኸው ይሆናል» ለጓደኛ ደግነት ነው፣ መውጫ እየሰጠነው ነው። ለአለቃ «ምናልባት ረስተውት ይሆናል» ሲሆን ግን ዝንጉ ማለት ነው። «ምናልባት» ስድቡን አያነሳውም። ለአለቃ ሰበቡን ከእሱ ውጪ አድርጉት፦ «መልእክቴ ሳይደርስዎት ቀርቶ ሊሆን ይችላል»። ወይም ጭራሹን ሰበብ አታቅርቡ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበልጣል።

5. አንድ ማለዘቢያ ይበቃል

ግሱ ከተስተካከለና ወቀሳው ከተነሳ በኋላ መልእክቱ ከሚታሰበው በላይ ለስልሷል። አሁን አንድ ማለዘቢያ ጨምሩ። ሁለተኛውን ስትጨምሩ እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

ከሁሉም የሚሻለው ማለዘቢያ ምክንያቱ ነው። «ሐሙስ ጠዋት ስለማስረክብ» የሚለው ሐረግ ጥያቄው ከእኔ ፍላጎት ሳይሆን ከሥራው የመጣ መሆኑን ያሳያል። ቦታው ደግሞ ከጥያቄው በፊት ነው። ምክንያቱ ቀድሞ ከመጣ አንባቢው ጥያቄው ላይ ሲደርስ ራሱ ጠብቆታል። ከጥያቄው በኋላ ከመጣ ግን ማብራሪያ፣ አንዳንዴም ማስፈራሪያ ይመስላል።

«እባክህ» ሁለት ፊት አላት። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ልመና ናት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ምሬት ትሆናለች። ድምፅ በሌለበት ጽሑፍ አንባቢው የቱ እንደሆነች የሚያውቀው ከዙሪያዋ ብቻ ነው። ስለዚህ አጭር፣ ባዶ ዓረፍተ ነገር ላይ («እባክህ ላክልኝ።») ብቻዋን አታቁሟት። «እስቲ» ለቅርብ ሰው ታምራለች፣ ወደ ላይ ግን አትሄድም። «ካላስቸገርኩዎት» ለውለታ ነው። ለግዴታ ስትጻፍ ሰውዬው ሥራውን መሥራቱ ችግር እንደሆነ ትናገራለች።

ማሳነስም አለ። «ያቺን ሁለተኛዋን ክፍል» ስንል ነገሩን በሴት አንቀጽ አሳንሰን ጥያቄውን ቀላል እናደርጋለን። ለጓደኛ ደስ ይላል። ለአለቃ ወይም ለፍተው ለጻፉት ሰው ግን ድካማቸውን አሳነሳችሁት።

6. ግሦቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ፈትሹ

ይህ አሰልቺ እርምጃ ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ ቅሬታ የሚያመጣው ስህተት እዚህ ይገኛል። ለጓደኛ የጻፋችሁትን ለአለቃ ስታስተካክሉ ዋናውን ግስ «ይላኩልኝ» ታደርጉና አንዱ ጥግ ላይ «ክፍልህን» ወይም «ካልተመቸህ» ይቀራል። አንዲት «ህ» አምስት «እርስዎ» ታበላሻለች። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ እያንዳንዱን ግስና የባለቤትነት ምልክት ብቻ አንብቡ። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ዓይን በሐሳቡ አይወሰድም።

የአክብሮቱ ቅርጽ ሌላም ወጥመድ አለው። «ሪፖርቱን ቢልኩልኝ» ሲባል «እርስዎ» ወይስ «እነሱ»? ግሱ አንድ ነው። ሌሎች ሰዎች የተጠቀሱበት መልእክት ከሆነ «እርስዎ» የሚለውን አንድ ቦታ ላይ በግልጽ ጻፉት። በሌላ በኩል ይህ ቅርጽ ጾታ ስለማይለይ፣ ተቀባዩ ወንድ ይሁን ሴት ለማናውቅበት መልእክት ያድነናል። ለሴት ጓደኛ ስታስተካክሉ ደግሞ «ላክልኝ»ን «ላኪልኝ» አድርጎ «ካልጨረስክ»ን መርሳት የተለመደ ነው።

ሁልጊዜ «አንተ» የምትሉትን ሰው በድንገት «እርስዎ» አትበሉት። ከፍ ያደረጋችሁት ይመስላችኋል፤ እሱ ግን «ምን አጠፋሁ?» ይላል። በመቀራረብ ውስጥ ያለ ልክ ያለፈ ትህትና እንደ ኩርፊያ ነው የሚነበበው።

አሁን አራቱን እንጻፍ

ለቅርብ ጓደኛ፦

«ሰላም ነው? ያቺ ሁለተኛዋ ክፍል አልደረሰችኝም። ሙሉውን ሐሙስ ጠዋት ነው የማስረክበው፤ ረቡዕ 11 ሰዓት ሳይሞላ ላክልኝ እስቲ። ካልጨረስካት ያለቀውን ወርውርልኝ፣ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ።»

ግሱ ትእዛዝ ነው፣ ግን «ልኝ» እና «እስቲ» አሉበት። ይህንኑ «ብትልክልኝ ብዬ ነበር፣ ካላስቸገርኩህ» ብላችሁ ብትጽፉ ጓደኛችሁ ስልክ አንስቶ «ተቀየምክ እንዴ?» ይላል።

ለአለቃ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሪፖርቱን ሁለተኛ ክፍል በተመለከተ ነው። ሙሉውን ሐሙስ ጠዋት ስለማስረክብ፣ የእርስዎ ክፍል እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ቢደርሰኝ ከቀሪው ጋር ለማስተካከል ጊዜ አገኛለሁ። ያላለቀ ነገር ካለም እስካሁን ያለውን ቢልኩልኝ ቅርጹን እኔ አስተካክለዋለሁ። አመሰግናለሁ።»

ዋናው ግስ «ቢደርሰኝ» ነው። ባለቤቱ የሪፖርቱ ክፍል ስለሆነ አለቃው ምንም አልታዘዘም። «አልደረሰኝም» የሚለው እንኳ ወጥቷል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ አለመላኩን ያውቃል። ቀኑና ሰዓቱ ግን አልተነኩም። «ከተቻለ» የሚል ቃል የትም የለም። ብዙ ሰው ለአለቃ ሲጽፍ ይህቺን ቃል ሳይጨምር መላክ ይፈራል። የ«ቢደርሰኝ» ለስላሳነት የእሷን ሥራ እንደሠራላችሁ እመኑ።

በእናንተ ሥር ላለ ባልደረባ፦

«ሰላም። የሪፖርቱ ሁለተኛ ክፍል ገና አልደረሰኝም። ሙሉውን ሐሙስ ጠዋት ስለማስረክብ እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ላክልኝ። የሚያግድህ ነገር ካለ ዛሬውኑ ንገረኝ፣ አብረን እናየዋለን።»

ይህ ከአራቱ በጣም ቀጥተኛው ነው፣ መሆንም አለበት። ጥሩ አለቃ ለመሆን ብለው «ምናልባት ጊዜ ካገኘህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል» የሚጽፉ አሉ። ሠራተኛው ይህ ትእዛዝ ይሁን ምኞት አያውቅም። ረቡዕ ካልላከ ይወቀሳል። በለዘበ ቃል ጠይቆ በጠንካራ ቃል መውቀስ በጣም ኢፍትሐዊ ነገር ነው፤ እኔ በበኩሌ ከደረቁ ትእዛዝ የባሰ አድርጌ ነው የማየው። እዚህ መልእክት ውስጥ ጨዋነቱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፦ የሚያግድ ነገር ሊኖር እንደሚችል ታስቧል፣ መናገሪያም ተሰጥቷል።

በውለታ ለሚያግዝ ሰው፣ ለምሳሌ ያለ ክፍያ ክፍሉን አይተው እርማት ሊሰጡን ፈቃደኛ ለሆኑ የቀድሞ መምህር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሪፖርቱን ለማየት ፈቃደኛ ስለሆኑልኝ በጣም አመሰግናለሁ። የማስረክበው ሐሙስ ጠዋት ስለሆነ ጊዜው እንደጠበበ አውቃለሁ። እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ቢያዩልኝ እንኳ ይበቃኛል። ካልተመቸዎት ደግሞ በአንድ ቃል ቢያሳውቁኝ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ አንሷል፤ ከሙሉው ወደ አንድ ክፍል ወርዷል። ከባድ ጥያቄን በቃላት ከማለዘብ ጥያቄውን መቀነስ ይሻላል። መውጫውም እውነተኛ ነው። «ካልተመቸዎት» ብለን ቆመን ቢሆን ሰውዬው እምቢ ለማለት ያፍራሉ። «ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ» ስንል እምቢታቸው እንደማይጎዳን ነገርናቸው። ሌላ መንገድ ከሌላችሁ ግን ይህን አትጻፉ።

መልስ ካልመጣ

የመጀመሪያው መልእክት ልኩን እንደያዘ የሚታወቀው በመልሱ ነው። «እሺ፣ ረቡዕ ይደርስሃል» ከተባላችሁ ቀኑ ተይዟል ማለት ነው። «እሺ፣ አየዋለሁ» ብቻ ከሆነ ቀኑ አልተያዘም፤ ለስላሳው ቃል በልቶታል። «ምነው፣ ችግር አለ?» ከተባለ ደግሞ ወይ ለግንኙነቱ ከልክ በላይ ለዝቧል፣ ወይ አንድ ቦታ ወቀሳ ቀርቷል።

ማስታወሻ ስትልኩ የሚያጠነክሩ ቃላት («በጣም»፣ «በአስቸኳይ»፣ «ደግሜ ደጋግሜ») አትጨምሩ። ይልቅ ያለውን ማለዘቢያ ቀንሱና ግሱን መሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ አውርዱት። ለጓደኛ «እስቲ» ትውጣ፣ ለመምህሩ «ቢያዩልኝ» የሚለው «ያዩልኛል?» ይሁን። ለአለቃ ግሱ እንዳለ ይቆይና ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ይጠር። ሰላምታው ግን ለሁሉም ይቆይ፤ ሰላምታ የሌለው ሁለተኛ መልእክት በሩን እንደመደብደብ ነው።

መክፈቻውንም ምረጡ። «ለማስታወስ ያህል ነው» ለማንም ይሆናል። «አስታውሳለሁ» ለእኩያና በእኛ ሥር ላለ ሰው ነው። «አሳስባለሁ» ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል፤ ለአለቃ «እንዲልኩልኝ አሳስባለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው መደበኛ ቋንቋ የተጠቀመ ይመስለዋል እንጂ አለቃውን ገሥጿል። «አስጠነቅቃለሁ» ደግሞ ከግንኙነት ወደ ክርክር መሸጋገሪያ ነው።

ረቡዕ ጠዋትም ካልመጣ የሚቀረው ውጤቱን መናገር ነው። እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እናንተ ሁኑ። «ካልላክህ ኃላፊነቱን ትወስዳለህ» ዛቻ ነው። «እስከ 11 ሰዓት ካልደረሰኝ ያለ ሁለተኛው ክፍል አስረክባለሁ» ግን እኔ የማደርገውን መናገር ነው፤ ለጓደኛም በእኛ ሥር ላለ ሰውም እንዲሁ ይላካል። ለመምህሩ ይህ መልእክት ጨርሶ አይሄድም፤ በቃል የገባነውን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፣ እሳቸውንም እናመሰግናለን። ለአለቃ ደግሞ ውሳኔውን መልሰን እጁ ላይ እናስቀምጠዋለን፦ «እስከ 11 ሰዓት ካልደረሰኝ፣ ሁለተኛው ክፍል በኋላ ይጨመራል የሚል ማስታወሻ አያይዤ ላስረክበው አስቤያለሁ። በዚህ ይስማማሉ?»